ቪዋፕ ምን ይነግረናል? አክሲዮን በቀን ውስጥ ገዝተው ለሚሸጡ

የአሜሪካን አክሲዮን ጠዋት ገዝተው እዚያው ቀን የሚሸጡ ሰዎች ቻርታቸው ላይ የሚያወጡት አንድ መስመር አለ። ስክሪኑ ላይ VWAP ተብሎ ይጻፋል፤ ሲጠሩት ቪዋፕ ይሉታል። ለጀማሪ የሚነገረው ሕግ አጭር ነው፦ ዋጋው ከመስመሩ በላይ ከሆነ ግዛ፣ በታች ከሆነ ሽጥ። እኔ ይሄን ሕግ አልወደውም። መስመሩ የግዢ ምልክት እንዲሆን የተሠራ አይደለም። የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ዛሬ ይህ አክሲዮን በአማካይ በስንት ተገበያየ? ይሄ ከገባን መስመሩ መቼ እንደሚጠቅም፣ መቼ ደግሞ እንደማይረባ ራሳችን መለየት እንችላለን።

አማካዩ ተራ አማካይ አይደለም። እህል በረንዳ ያለ ነጋዴ ጠዋት 90 ኩንታል ጤፍ በ12,000 ብር ሒሳብ ገዛ እንበል። ከሰዓት ደግሞ 10 ኩንታል በ13,000 ጨመረ። ሁለቱን ዋጋ ደምሮ ለሁለት ቢያካፍል 12,500 ይመጣለታል። ከኪሱ የወጣው ግን 1,210,000 ብር ነው፣ የያዘው 100 ኩንታል። ስለዚህ ኩንታሉ የቆመበት በ12,100 ነው። ቪዋፕም እንዲሁ ነው የሚሰላው። ብዙ አክሲዮን የተገበያየበት ዋጋ ብዙ ይመዝናል፤ ጥቂት የተገበያየበት ጥቂት ይመዝናል።

```
VWAP = Σ(ዋጋ × ብዛት) / Σ(ብዛት)
```

ድምሩ የሚጀምረው ገበያው ሲከፈት ነው። ቀኑን ሙሉ ይጠራቀማል፣ በማግስቱ ከዜሮ ይጀምራል። አብዛኛው ቻርት እያንዳንዱን ግብይት ለየብቻ አይደምርም፤ አቋራጭ ይጠቀማል። የአንድን ካንድል፣ ማለትም ቻርቱ ላይ የጥቂት ደቂቃዎችን ዋጋ የሚያሳየውን ምሰሶ፣ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛና መዝጊያ ዋጋ ደምሮ ለሦስት ያካፍልና በካንድሉ ቮልዩም፣ ማለትም በዚያ ጊዜ በተገበያየው አክሲዮን ብዛት፣ ያባዛዋል።

በቁጥር እንየው። አክሲዮኑም ዋጋውም ለምሳሌ ያህል የተሠሩ ናቸው፤ ሰዓቱ የኒውዮርክ ነው። ገበያው ጠዋት 9:30 ተከፈተ። የመጀመሪያው የ5 ደቂቃ ካንድል ከፍተኛው 101.00፣ ዝቅተኛው 99.40፣ መዝጊያው 100.80 ሆነ። የሦስቱ አማካይ 100.40 ነው፤ የተገበያየው 2 ሚሊዮን አክሲዮን ነው። የሁለተኛው ካንድል አማካይ 101.50፣ ቮልዩሙ 1 ሚሊዮን። የሦስተኛው አማካይ 101.90፣ ቮልዩሙ 500 ሺህ። ሦስቱን ዋጋዎች እንዲያው ብንደምርና ለሦስት ብናካፍል 101.27 እናገኛለን። በብዛት ስንመዝነው ግን በድምሩ 353.25 ሚሊዮን ዶላር ለ3.5 ሚሊዮን አክሲዮን ተከፍሏል፤ ሲካፈል 100.93 ነው። ማለትም 9:45 ላይ ዋጋው 101.90 አካባቢ ሲሆን ቪዋፕ ወደ አንድ ዶላር ገደማ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ያወረደው የመጀመሪያው ካንድል ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው ግብይት እዚያ ካንድል ውስጥ ነው ያለቀው።

ይሄ 100.93 ምን ይነግረናል? ከጠዋት ጀምሮ የገዛ ሰው በአማካይ በአክሲዮን አንድ ዶላር ገደማ አትርፏል። በዛሬው ገበያ ሾርት ያደረገ፣ ማለትም ዋጋው ይወርዳል ብሎ የተበደረውን አክሲዮን የሸጠ፣ ደግሞ በአማካይ ያንኑ ያህል ከስሯል። ያተረፈ ሰው አይቸኩልም፤ የከሰረ ይጨንቀዋል። ዋጋው ከመስመሩ በላይ ሲቆይ የዛሬ ገዢዎች እፎይ ብለዋል፣ በታች ሲቆይ ተጨንቀዋል ማለት ነው። መስመሩ የሚነግረን ይሄንኑ ነው። ወደፊት ምን እንደሚሆን አይናገርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። መስመሩ ጠዋትና ከሰዓት አንድ ዓይነት አይደለም። 9:45 ላይ ከኋላው 3.5 ሚሊዮን አክሲዮን ብቻ ነው ያለው። ቀጥሎ ከመስመሩ አንድ ዶላር ዝቅ ባለ ዋጋ 500 ሺህ አክሲዮን ቢገበያይ፣ ቪዋፕ በ12.5 ሳንቲም ይወርዳል። ይሄው 500 ሺህ፣ ያው አንድ ዶላር ዝቅ ብሎ፣ ከሰዓት 1:00 ላይ ቢመጣስ? እስከዚያ ድረስ 20 ሚሊዮን አክሲዮን ተገበያይቷል እንበል። አሁን መስመሩ የሚወርደው በ2.4 ሳንቲም ነው። እየመሸ ሲሄድ መስመሩ ይከብዳል፣ ለመነቃነቅም ያስቸግረዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። በመጀመሪያዎቹ 15 እና 20 ደቂቃዎች መስመሩ ዋጋውን እየተከተለ በቀላሉ ይነቃነቃል። ዋጋው መስመሩን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢቆርጥ ብዙ ትርጉም የለውም፤ መስመሩ ገና አልቆመም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መስመሩ ሊደርቅ ነው። ዋጋው በደንብ እየወጣም እንኳ መስመሩ የተኛ ይመስላል። «ዋጋው ከቪዋፕ በጣም ስለራቀ ይመለሳል» ብለው 2:30 ላይ ሾርት የሚያደርጉ ሰዎች የሚጎዱት እዚህ ነው። ጠንካራ አዝማሚያ ባለበት ቀን ዋጋው ወደ መስመሩ ሳይመለስ ገበያው 4:00 ላይ ሊዘጋ ይችላል። እኔ መስመሩን በደንብ የማምነው ከ10:00 እስከ 1:00 ባለው ጊዜ ነው። በቂ ግብይት ተጠራቅሟል፣ ግን ገና አልከበደም።

አዲስ አበባ ሆኖ ለሚከታተል ሰው፣ ገበያው የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10:30 ነው፣ የሚዘጋው ከምሽቱ 5:00። ይሄ ከመጋቢት መጀመሪያ ገደማ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ነው። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ሲመልሱ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይገፋል፤ 11:30 ይከፈታል፣ እኩለ ሌሊት 6:00 ላይ ይዘጋል። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች ግን እንደገና የኒውዮርክ ናቸው።

አሁን ደግሞ ስለ ትልልቆቹ ተቋማት። «ተቋማት ቪዋፕን ይከላከላሉ፣ ዋጋው ሲነካው ይገዛሉ» የሚባል ነገር አለ። ግማሹ እውነት ነው። አንድ የጡረታ ፈንድ 1 ሚሊዮን አክሲዮን መግዛት ሲፈልግ በአንዴ ቢያዝ ዋጋውን ራሱ ላይ ያስወድዳል። ስለዚህ ደላላው ቀኑን ሙሉ ቆራርጦ ይገዛለታል። ማታ ላይ ደላላው የሚለካው በቪዋፕ ነው፦ ከዕለቱ አማካይ በርካሽ ገዛ ወይስ በውድ? መስመሩ መጀመሪያ የታወቀውም ለዚህ መለኪያነት ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ።

ነገር ግን ቆራርጦ የሚገዛው ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ ልብ በሉ። ሥራው አማካዩን መምሰል ነው። በልምድ ከሚታወቀው የቮልዩም ስርጭት ተነስቶ፣ ብዙ በሚገበያይበት ሰዓት ብዙ፣ ጥቂት በሚገበያይበት ሰዓት ጥቂት ይገዛል። ዋጋው ከመስመሩ በላይም ሆነ በታች ሲሆን መግዛቱን አያቆምም። መስመሩ ጋ ቆሞ የሚጠብቅ ዘበኛ አይደለም። በእርግጥ በራሳቸው ውሳኔ የሚሠሩ የተቋማት ትሬደሮች ዋጋው ወደ አማካዩ ሲወርድ ግዢያቸውን ሊያፋጥኑ ይችላሉ፤ ከአማካዩ በታች መግዛት ያስመሰግናቸዋልና። ሌላው መስመሩን የሚያይ ሰው ሁሉ ደግሞ እዚያው ትእዛዝ ያስቀምጣል። ስለዚህ መስመሩ አካባቢ እንቅስቃሴ ይኖራል። እንቅስቃሴ አለ ማለት ግን ዋጋው ከዚያ ይነሳል ማለት አይደለም።

የያዝነውን ምሳሌ እንቀጥል። አክሲዮናችን ወጥቶ 10:25 ላይ 103.20 ነካ። ከዚያ መውረድ ጀመረ። መስመሩ ቀስ እያለ እየወጣ 10:45 ላይ 101.70 ደረሰ። ዋጋው ወደ መስመሩ እየቀረበ ነው። አሁን ምን እናያለን?

መጀመሪያ የመስመሩን አቅጣጫ። ወደ ላይ እያዘነበለ ነው፤ ጥሩ። ቀጥሎ ቮልዩሙን። ሲወጣ በአንድ ካንድል 600 ሺህ፣ 700 ሺህ ይገበያይ ነበር እንበል። ሲወርድ ግን ካንድሎቹ 300 ሺህ፣ ከዚያ 250 ሺህ፣ ከዚያ 200 ሺህ እያሉ ቀነሱ። ይህ መውረድ ገዢ ለጊዜው በማረፉ የመጣ ይመስላል፤ ተሯሩጦ የሚሸጥ ሰው አይታይም። ሦስተኛው ካንድሉ የት እንደሚዘጋ ነው። ዋጋው 101.62 ነካ፣ ማለትም መስመሩን በ8 ሳንቲም አልፎ ወረደ። ግን ካንድሉ ሲዘጋ ተመልሶ 101.85 ላይ ነው። የሚቀጥለው ካንድል የዚህን ካንድል ጫፍ ሰብሮ ወጣ፤ እኛም 102.05 ላይ ገዛን።

መስመሩን ስለነካ ብቻ አልገዛንም። መንካቱ «አሁን በትኩረት እይ» የሚል ደወል ነበር። ውሳኔው የመጣው ከመዝጊያው ነው። 101.70 ላይ ዝም ብለን ብንገዛ 35 ሳንቲም ይረክስልን ነበር፣ እውነት ነው። ነገር ግን መስመሩን ሰብሮ የሚወርድበትን ቀን ሁሉ አብረን እንገዛለን ማለት ነው።

ስቶፕ ሎሱን፣ ማለትም ዋጋው ከወረደ ኪሳራውን ለመቁረጥ የሚሸጥልንን ትእዛዝ፣ 101.50 ላይ እናድርግ። ከመስመሩም፣ ከዝቅተኛው 101.62ም በታች ነው። ልክ መስመሩ ላይ ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም፤ ዋጋው መስመሩን በጥቂት ሳንቲም እያለፈ መመለሱ የተለመደ ነው፣ አሁንም ያየነው ይህንኑ ነው። በአክሲዮን የምንከስረው 55 ሳንቲም ነው። በዚህ ግብይት ከ50 ዶላር በላይ ማጣት ካልፈለግን 50ን ለ0.55 እናካፍላለን፤ 90 አክሲዮን። የሚያስፈልገው ገንዘብ 9,185 ዶላር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ግባችን የዕለቱ ጫፍ 103.20 ቢሆን በአክሲዮን 1.15 ዶላር፣ በድምሩ 103.50 እናተርፋለን። ካልተሳካ 49.50 እንከስራለን። ስቶፕ ሎስ ሲነካ ትእዛዙ በተገኘው ዋጋ ይሸጣል እንጂ የግድ በ101.50 አይሸጥም። ፈጥኖ ከወረደ 101.47 ወይም ከዚያም በታች ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀድሞ መቁጠር ነው።

አሁን የሚበላሽበትን መንገድ እንይ። ገዝተን ዋጋው 102.30 ደረሰና ተመለሰ። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ቀይ ካንድል 800 ሺህ ቮልዩም ይዞ 101.45 ላይ ዘጋ። ስቶፑ አስወጥቶናል። ከዚያ ዋጋው ቀና ብሎ 101.68 ደረሰ፣ መስመሩን ማለፍ አቃተውና እንደገና ወረደ። እዚህ ላይ ሁኔታው ተገልብጧል። ዛሬ የገዛው ሰው በአማካይ ከስሯል፤ ዋጋው ወደ መስመሩ ሲመለስለት «ገንዘቤን ላስመልስ» ብሎ ይሸጣል። በዚህ ጊዜ መስመሩ ጣራ ሆኗል። «ይሄ ቪዋፕ ስለሆነ መልሼ ልግዛ» ማለት ከጠዋቱ ግምት ጋር መጣበቅ ነው። በከሰረ ፖዚሽን ላይ መጨመር ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ የ50 ዶላሩን ኪሳራ ሳያውቁት 200 ያደርጉታል።

መስመሩ ጨርሶ የማይረዳባቸው ቀኖች አሉ። ዋናው ምልክት መስመሩ ጋደም ብሎ ዋጋው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሲያቋርጠው ነው። እስከ 11:00 ድረስ አራት አምስቴ ከተቋረጠ፣ ገዢና ሻጭ በዚያ ዋጋ ተስማምተዋል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ማቋረጥ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ትንሽ ትንሽ እየተቆረጠበት ገንዘቡ ያልቃል። እንዲህ ባለ ቀን ለእኔ መስመሩ የሚነግረኝ «ዛሬ እዚህ አክሲዮን ላይ ሥራ የለም» የሚል ነው። እሱም ራሱ ጠቃሚ መረጃ ነው።

ሌላው ትልቅ ዜና በቀኑ መካከል ሲወጣ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የወለድ ውሳኔውን በዓመት በስምንት መደበኛ ስብሰባዎች ያደርጋል፤ መግለጫው የሚወጣው ከሰዓት 2:00 ላይ ነው። እስከዚያ ሰዓት የተጠራቀመው ግብይት ሁሉ ውሳኔውን ባላወቁ ሰዎች የተደረገ ነው። 2:10 ላይ መስመሩ የሚያሳየን በአብዛኛው የድሮውን ግምት ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ቻርቶች ላይ ያለው Anchored VWAP ይሻላል። ስሌቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ መነሻውን እኛ እንመርጣለን። መነሻውን 2:00 ላይ ብናደርገው ከዜናው በኋላ የተገበያዩትን ብቻ አማካይ እናያለን።

በተቃራኒው ኩባንያው ገቢና ትርፉን ያሳወቀበት ዜና ጠዋት ከመከፈቱ በፊት ወይም ባለፈው ማታ ከተዘጋ በኋላ ነው ብዙ ጊዜ የሚወጣው። ገበያው ሲከፈት ሁሉም ዜናውን ያውቃል። ስለዚህ በዚያ ቀን መደበኛው ቪዋፕ ንጹሕ ነው፦ ዜናውን አውቀው የተገበያዩ ሰዎች አማካይ። በእኔ እይታ መስመሩ በጣም የሚታመንበት ቀን ይህ ነው።

ይሄን ካልኩ ቻርቱ ራሱ ሊያሳስት እንደሚችል መናገር አለብኝ። ሁለት ሰዎች አንድን አክሲዮን እያዩ መስመራቸው በ30 እና 40 ሳንቲም ሊለያይ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከመከፈቱ በፊት ያለው ግብይት ነው። የአንዱ ቻርት ከጠዋቱ 4:00 ጀምሮ ይደምራል፣ የሌላው ከ9:30። በዜና ቀን ከመከፈቱ በፊት ብዙ አክሲዮን ስለሚገበያይ ልዩነቱ ይሰፋል። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ማየት ነው። ለቀን ሥራ መለኪያዬ ከ9:30 የሚጀምረው ነው። ሌላው የዳታው ምንጭ ነው። ነጻ ዳታ የሚሰጡ አንዳንድ ቻርቶች የሚያሳዩት የአንድ ገበያን ግብይት ብቻ ነው፤ የአሜሪካ አክሲዮን ግን በብዙ ገበያዎች ላይ ነው የሚሸጠው። ዋጋው ያው ይሆናል፣ ቮልዩሙ ግን ቁራጭ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የዕለቱን ጠቅላላ ቮልዩም ከብሮከራችሁ ቁጥር ጋር አስተያዩ። ቻርቱ ላይ በጣም ካነሰ፣ መስመሩ የተሠራው ከጎደለ መረጃ ነው።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ብዙ ለሚገበያይ አክሲዮን ነው። አፕል ወይም ኤንቪዲያ ላይ በቀን በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር አክሲዮን ይገበያያል፤ አንድ ሰው ብቻውን አማካዩን አያንቀሳቅስም። እስከ እኩለ ቀን 40 ሺህ ብቻ በተገበያየበት አክሲዮን ላይ ግን አንድ 60 ሺህ የሆነ ግብይት ቢመጣ መስመሩ ዘልሎ ወደዚያ ዋጋ ይሄዳል። ያኔ አማካዩ የሕዝብ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሰው ይሆናል። ቻርቱ ላይ መስመሩ እንደ ደረጃ ድንገት ዘሎ ካያችሁት ምክንያቱ በአብዛኛው ይህ ነው። በእ.ኤ.አ. ጥር 2025 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ላይም ይህን መስመር ለቀን ንግድ ለመጠቀም የሚያስብ ካለ፣ መጀመሪያ የሚያየው የተመዘገቡትን አክሲዮኖች ዕለታዊ የግብይት ብዛት ይሁን። መስመሩ የሚመዝነው ግብይትን ነው፤ ግብይቱ ጥቂት ከሆነ የሚመዘን የለም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መስመሩን የምትከታተሉት አክሲዮን ላይ መፈተሽ ይቻላል። ሁለት አክሲዮን ብቻ ምረጡ። የ5 ደቂቃ ቻርታቸውን የ20 ቀን ያህል ወደ ኋላ ሂዱ። በየቀኑ ከ10:00 በኋላ ዋጋው መስመሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የነካበትን ብቻ ጻፉ፦ መስመሩ ያዘነበለ ነበር ወይስ የተኛ? ካንድሉ በየት በኩል ዘጋ? ከዚያ በኋላ ቀድሞ የተነካው ግቡ ነው ወይስ ስቶፑ? ያዘነበለበትንና የተኛበትን ለይታችሁ ቁጠሩ። ሁለቱ ካልተለያዩ መስመሩ በእነዚያ አክሲዮኖች ላይ ብዙ እየጨመረላችሁ አይደለም። ስትቆጥሩ በእያንዳንዱ ግብይት ላይ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነትና የስቶፑን መንሸራተት ቀንሱ። ለ90 አክሲዮን በመግቢያም በመውጫም 2 ሳንቲም ቢሄድ 3.60 ዶላር ነው፤ ወረቀት ላይ 103.50 ያልነው ትርፍ 99.90 ይሆናል፣ 49.50 ያልነው ኪሳራ ደግሞ 53.10።